ሁለት ምርጫ ሲቀሩ፦ አስጠኚ ለተማሪ የሚልከው መልእክት

በምርጫ ፈተና ላይ ከአራቱ መልሶች ሁለቱን ያለችግር የሚሰርዝ፣ በቀሩት ሁለቱ መካከል ግን ሲያመነታ ቆይቶ በመጨረሻ የተሳሳተውን የሚያጠቁር ተማሪ በየክፍሉ ይገኛል። እንዲህ ያለው ተማሪ ውጤቱን ሲሰማ የሚያንገበግበው ትምህርቱን አለማወቁ ሳይሆን ትክክለኛውን መልስ እጁ ካስገባ በኋላ መልቀቁ ነው፤ ነገሩ ሲደጋገምበትም ዕድሉ መጥፎ እንደሆነ ወደ ማመን ያዘነብላል። የዛሬው ዝግጅት በሸዋ ሮቢት ወይም በሌላ የይፋት ቆላ ከተማ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትዘጋጅ፣ ይህ ችግር ያለባት ተማሪ ከአስጠኚዋ ልትሰማው የሚገባትን መልእክት ይመለከታል።

ፈተናው የማለፊያ ነጥቡ 50 ከመቶ ሆኖ ከተወሰነ ወዲህ በየዓመቱ የሚያልፈው ተፈታኝ ጥቂት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.2 ያህሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ያህሉ ብቻ ማለፊያውን አግኝተዋል። ስለዚህ በ44 እና በ50 መካከል ለሚዋልል ተማሪ፣ ወደ ሁለት ጠብበው የቀሩ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚታዩ ማወቅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከመጨመር የማይተናነስ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

የአስጠኚው መልእክት መጀመር ያለበት ከዕድል ነው። ተማሪዋ «ሁልጊዜ» የተሳሳተውን እንደምትመርጥ ብትናገርም «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም፤ ከሁለት ምርጫ ትክክለኛውን ያገኘችበት ጥያቄ ሲታረም ቀድሞም የምታውቀው ሆኖ ስለሚቆጠር ይረሳል፣ የሳተችው ግን እየቆጨ በአእምሮ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህም ምክንያት አስጠኚው ከማንኛውም ምክር በፊት መዝገብ እንድትይዝ ይጠይቋታል። የልምምድ ፈተና ስትሠራ፣ ወደ ሁለት ጠብቦ የቀረ ጥያቄ ባጋጠማት ቁጥር፣ መልሱን ከማየቷ በፊት በጥያቄው ዳር የሁለቱን ምርጫዎች ፊደል ትጽፋለች፤ ከታረመ በኋላም ጥያቄውን ከሦስት ዓምዶች በአንዱ ታስገባዋለች። የመጀመሪያው ዓምድ ትክክለኛውን የመረጠችበት፣ ሁለተኛው ትክክለኛውን ጥላ ሌላውን የመረጠችበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ አንዱም ትክክል ያልሆነበት፣ ማለትም መልሱ ቀድማ ከሰረዘቻቸው መካከል የነበረበት ነው።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች 40 ያህል ሲጠራቀሙ መዝገቡ መናገር ይጀምራል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነው ብለን ብናስብ፣ ሳንቲም እየወረወረ የሚመርጥ ሰው ከ40ው በአማካይ 20ውን ያገኛል፤ ዕድል በራሱ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው ከ14 እስከ 26 ማግኘት የተለመደ ነው፣ ከመቶ ሙከራም ከ95 በሚበልጠው ውጤቱ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ተማሪዋ 17 ወይም 18 ካገኘች ምርጫዋ ከግምት አይለይም፣ የተለየ ክፉ ዕድልም የለባትም። ነገር ግን ያገኘችው 9 ወይም 10 ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ምንም ሳያውቅ በጭፍን የሚገምት ሰው ይህን ያህል አይሳሳትምና፣ ተማሪዋን ወደ ስሕተቱ የሚጎትታት አንድ ምክንያት አለ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ሁኔታ የሚያሳዝን ቢመስልም ለአስጠኚ ደስ የሚያሰኝ ነው፣ ምክንያት ያለው ስሕተት ምክንያቱ ሲገኝ ይታረማልና።

ምክንያቱን ለማግኘት የምርጫ ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማወቅ ያስፈልጋል። በፈተና ዝግጅት ሙያ የጥያቄው ዋና ሐሳብ የሚቀርብበት ክፍል ግንድ ይባላል፤ ትክክለኛው መልስ ቁልፍ መልስ ሲባል የቀሩት ሦስቱ አዘናጊ ምርጫዎች ይባላሉ። ጥሩ አዘጋጅ አዘናጊዎችን እንዲያው ከአየር ላይ አይለቅማቸውም፤ ትምህርቱን በግማሽ የያዘ ተማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት አስቀድሞ ያስብና ያን ስሕተት ራሱን ምርጫ አድርጎ ይጽፈዋል። ከሦስቱ አዘናጊዎች ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ደካሞች ይሆናሉ፣ ጥቂት ያነበበ ተማሪም ይጥላቸዋል፤ ሦስተኛው ግን ያጠናውን ተማሪ የሚጠብቅ ነው። እንግዲህ ተማሪዋ ሁለት ምርጫ ሲቀራት ከቁልፉ መልስ ጎን የተቀመጠው በአጋጣሚ የተረፈ ምርጫ አይደለም፤ የራሷ ግማሽ ዕውቀት በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ነው የቆየላት። በዚህ ሁኔታ ሁለቱን ምርጫዎች እርስ በርስ እያስተያየች «የትኛው ይበልጥ ትክክል ይመስላል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ፍርዱን የምትሰጠው አዘናጊው የተሠራበት ያው ግማሽ ዕውቀት ስለሆነ ሚዛኑ ከመጀመሪያው ያጋደለ ነው።

አስጠኚው የሚሰጧት መፍትሔ ይህን ጥያቄ በሌላ ጥያቄ መተካት ነው። ሁለት ምርጫ ሲቀሯት ግንዱን ለጊዜው በእጇ ሸፍና፣ ለእያንዳንዱ ምርጫ «ይህ ትክክለኛ መልስ የሚሆነው ምን ተብሎ ቢጠየቅ ነው?» ብላ ለየብቻው ጥያቄ ትሠራለታለች፤ ከዚያ ግንዱን ትገልጥና ከሠራቻቸው ሁለት ጥያቄዎች የትኛው ከግንዱ ጋር እንደሚገጥም ታያለች። በዚህ መንገድ ንጽጽሩ በምርጫና በምርጫ መካከል መሆኑ ይቀርና በጥያቄና በጥያቄ መካከል ይሆናል።

አሠራሩ በሒሳብ ጎልቶ ስለሚታይ ከዚያ መጀመር ይሻላል። በሸዋ ሮቢት ገበያ የአንድ ኩንታል ማሾ ዋጋ በ20 ከመቶ ጨምሮ 4,800 ብር ገባ እንበል፤ ጥያቄው ከመጨመሩ በፊት ስንት ብር እንደነበረ ይጠይቃል። ምርጫ ኤ 5,760፣ ምርጫ ቢ 4,780፣ ምርጫ ሲ 3,840፣ ምርጫ ዲ 4,000 ብር ነው። ዋጋው የጨመረ በመሆኑ የቀድሞው ከ4,800 ሊበልጥ አይችልምና ተማሪዋ ኤን ትጥላለች፤ 4,780 ሃያ ከመቶን እንደ ሃያ ብር ቆጥሮ የተቀነሰ መሆኑን ስለምታይ ቢንም ትሰርዛለች። ሲና ዲ ይቀራሉ። አሁን ከ4,800 ላይ ሃያ ከመቶውን፣ ማለትም 960 ብር፣ ስትቀንስ 3,840 ይመጣላታል፤ በራሷ ስሌት የተገኘው ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ስለታየም ትክክል መሥራቷን አረጋግጣ ሲን ታጠቁራለች። አዘጋጁ ግን ይህን ቁጥር ያገኘው ልክ እንደ እርሷ አሳስቶ በማስላት ነበር።

ለሁለቱ ምርጫዎች ጥያቄ ብትሠራ ኖሮ ልዩነቱ ይገለጥላት ነበር። 3,840 «ዛሬ 4,800 ብር የሆነ ዋጋ በ20 ከመቶ ቢቀንስ ስንት ይሆናል?» ለሚል ጥያቄ መልስ ነው፤ 4,000 ደግሞ «በ20 ከመቶ ሲጨምር 4,800 የሚሆነው ስንት ነው?» ለሚል። ግንዱ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ማረጋገጡም ቀላል ነው፤ 3,840 ላይ የራሱ ሃያ ከመቶ፣ ማለትም 768 ሲጨመር 4,608 እንጂ 4,800 አይሆንም፣ 4,000 ላይ ግን 800 ሲጨመር 4,800 ይሞላል። ሃያ ከመቶው የሚሰላው በቀድሞው ዋጋ ላይ መሆኑን ተማሪዋ ሳታውቀው ቀርታ ሳይሆን፣ ከምርጫዎቹ መካከል ያገኘችው የራሷ ቁጥር እንዳትመለከተው አድርጓታል። ከምርጫዎች መካከል የተገኘ ውጤት ለስሌቱ ትክክለኛነት ማስረጃ አለመሆኑን አስጠኚው ደጋግመው ሊነግሯት የሚገባቸውም ስለዚህ ነው።

በቃላት የሚመለሱ ጥያቄዎች ላይ ወጥመዱ ረቀቅ ይላል፣ ምክንያቱም በዚያ አዘናጊው ምርጫ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን ይልቅ ሞቃት የሆነችበትን ዋና ምክንያት የሚጠይቅ የጂኦግራፊ ጥያቄ እንውሰድ። ምርጫ ኤ ለምድር ወገብ ይበልጥ ስለምትቀርብ፣ ምርጫ ቢ ለስምጥ ሸለቆ ቅርብ ስለሆነች፣ ምርጫ ሲ ከፍታዋ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ምርጫ ዲ የሮቢ ወንዝ ስለሚያልፍባት ይላል። ካርታ የምታውቅ ተማሪ ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን እንደምትገኝ፣ ስለዚህም ከምድር ወገብ ትንሽ እንደምትርቅ ስለምታውቅ ኤን ትጥላለች፤ ወንዝ አገርን እንደማያሞቅ ስለምታውቅ ዲንም ትጥላለች። ቀሪዎቹ ቢና ሲ ናቸው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው የወረደ ሰው ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ሲጨምር በገላው ያውቀዋል፤ የስምጥ ሸለቆን ስም ደግሞ ተማሪዋ ከሙቀት፣ ከፍል ውኃና ከእሳተ ገሞራ ጋር ደጋግማ ሰምታዋለች፤ በዚያ ላይ ከተማዋ በእርግጥም በሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ከተራራው ግርጌ ላይ ትገኛለች። ቢ የያዘው ሐሳብ እውነት ነው፤ እውነት የሆነን ነገር ስሕተት ነው ብሎ መሰረዝ ደግሞ ለጠንቃቃ ተማሪ ይከብዳል።

ጥያቄ ሲሠራለት ግን ቢ የሚመልሰው «ሸዋ ሮቢት የት ትገኛለች?» የሚለውን ነው፤ ሲ ደግሞ «ለምን ሞቀች?» የሚለውን ይመልሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚለወጥ፣ የ1,500 ሜትሩ ልዩነት ብቻውን ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። በምክንያት ጥያቄ ላይ የሚጨመር አንድ መፈተኛም አለ፦ ምክንያት ነው የተባለው ነገር ኖሮ ውጤቱ የማይኖርበት ቦታ ይገኝ እንደሆነ መፈለግ። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሆና ሳለ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ በዳርቻው ካለችው ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ለዘብ ያለ አየር አላት፤ ስለዚህ ሙቀቱን የሚያመጣው የሸለቆው ስም ሳይሆን ዝቅታው ነው። ሸለቆው የሚሞቀው ዝቅ ባለባቸው ቦታዎች መሆኑን የተረዳች ተማሪ፣ ቢ እውነት ሆኖ ሳለ ዋና ምክንያት ያልሆነው ለምን እንደሆነ ከአሁን ወዲያ ማንም ሳይነግራት ታየዋለች።

ተመሳሳይ ወጥመድ በባዮሎጂ ውስጥ ይገኛል፤ ለይፋት ቆላ ቤተሰቦች እንግዳ ያልሆነውን ወባን መውሰድ ይቻላል። በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የሚያመጡት ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባሉ ሁለት ጥገኛ ተውሳኮች ናቸው። ጥያቄው እንዲህ ይላል እንበል፦ በሸዋ ሮቢት በቫይቫክስ ወባ ታሞ በክሎሮኩዊን ታክሞ የዳነ ሰው ወባ ወደማይተላለፍበት ደጋ ሄዶ፣ ከወራት በኋላ ዳግመኛ ሳይነደፍ ያው በሽታ ቢነሣበት ምክንያቱ ምንድን ነው? ከምርጫዎቹ ሁለቱ ወዲያው ይወድቃሉ። የሚቀሩት «ተውሳኩ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተራብቶ ስለሚያፈነዳቸው» የሚለውና «ተውሳኩ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ» የሚለው ናቸው።

ተማሪዋ ወባን ያጠናችው በደም ዙሪያ ነው፤ ምርመራው የሚደረገው ከጣት በሚወሰድ ደም ነው፣ ትኩሳቱና ብርዱ የሚመጡት የደም ሕዋሳት በሚፈነዱበት ጊዜ ነው፣ ጉበት ግን በመጽሐፉ ውስጥ በአንድ መሥመር ብቻ ያለፈ ይሆናል። ስለዚህ እጇ የሚሄደው ወደሚታወቀው የደም ምርጫ ነው። ይህም ምርጫ እንደ ስምጥ ሸለቆው ሁሉ እውነትን ይዟል፤ የሚመልሰው ግን «በሽተኛውን ለምን ያተኩሰዋል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ግንዱ ስለ ትኩሳቱ ምንጭ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ስለ ወራቱ ክፍተት ነው፣ ይኸውም በመካከሉ ደሙ ከተውሳክ ነጽቶ ሳለ በሽታው ከየት እንደመጣ ነው። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ከጉበት ሕዋሳት ገብቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሳይራባ የሚቆይ ያንቀላፋ ቅርጽ አለው፤ ክሎሮኩዊን በደም ውስጥ ያለውን ያጠፋል እንጂ ይህን ያንቀላፋ ቅርጽ አይነካውም፣ ለዚያም ነው ፕሪማኩዊን የተባለ ሌላ መድኃኒት በሕክምናው ላይ የሚታከለው። እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ ተማሪዋ ከግንዱ ውስጥ «ከወራት በኋላ» እና «ዳግመኛ ሳይነደፍ» በሚሉት ሐረጎች ሥር መሥመር ብታሰምር፣ መልሱ ሊያብራራው የሚገባው ነገር እነርሱ መሆናቸውን ታውቅና የደሙ ምርጫ አንዱንም እንደማያብራራ ትረዳለች።

ይህ ዘዴ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ አስጠኚውም ይህን ሊደብቁ አይገባም። ለወባ ተውሳክ ዋናው አስተናጋጅ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ትንኝና ሰው ሁለቱም ይቀራሉ፤ ዋና አስተናጋጅ ማለት ተውሳኩ ጾታዊ ርቢውን የሚፈጽምበት ፍጡር እንደሆነ፣ መካከለኛ አስተናጋጅ ደግሞ ያለጾታ የሚራባበት እንደሆነ ያላወቀች ተማሪ፣ ለሁለቱም ምርጫዎች የምትሠራው ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሚሆንባት ምንም አትጠቀምም። መልሱ ትንኝ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን በሽታው የሚያሠቃየው ሰውን ስለሆነ ሰው ይላል። እንግዲህ ለሁለቱ ምርጫዎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሥራት አለመቻሏ ራሱ ምልክት ነው፤ የጎደለው የምርጫ ጥበብ ሳይሆን የሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ድንበር ነውና፣ ወደ መጽሐፉ ተመልሳ ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ አለባት።

ሌላው ለብቻው መታየት ያለበት የቋንቋው ጉዳይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በግንዱ ውስጥ ያሉት ኤክሴፕት፣ ኖት እና ሊስት የሚሉት ትንንሽ ቃላት ጥያቄውን እንዳለ ይገለብጡታል። ተማሪዋ አንብባቸው ትጀምርና አራቱን ምርጫዎች ስታመዛዝን ትረሳቸዋለች፤ በመጨረሻም ከቀሩት ሁለቱ «ትክክል» የሆነውን ስትመርጥ፣ የተጠየቀው ትክክል ያልሆነውን ኖሯል። አስጠኚው እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ በየምርጫው ጎን «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል ምልክት እንድታደርግና ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ግንዱ እንድትመለስ ቢመክሯት፣ ከሁለተኛው ዓምድ ስሕተቶች የተወሰኑት ሌላ ጥናት ሳይጠይቁ ይጠፋሉ።

ተማሪዋ ከአስጠኚዋ ዘንድ የምታነሣው አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ይኸውም አንድ ጊዜ ያጠቆረችውን መልስ መለወጥ ተገቢ ነው ወይስ የመጀመሪያው ይሻላል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን መልስ አትልቀቁ የሚለው ምክር በተማሪዎች ዘንድ የተስፋፋ ቢሆንም ጥናት አይደግፈውም። ክሩገር፣ ዊርትዝና ሚለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ1,500 በላይ ተማሪዎች የሠሩትን አንድ ፈተና መርምረው፣ ከተለወጡት መልሶች 51 ከመቶው ከስሕተት ወደ ትክክል፣ 25 ከመቶው ከትክክል ወደ ስሕተት፣ የቀሩት ደግሞ ከአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው የሄዱ መሆናቸውን አግኝተዋል። ተማሪዎቹ ተቃራኒውን የሚያምኑት ለውጦ መሳሳት ሳይለውጡ ከመሳሳት ይልቅ ስለሚቆጭና ስለማይረሳ እንደሆነም አሳይተዋል። ይሁንና ቁጥሩ መልስን በፍርሃት ብቻ መለዋወጥን አይፈቅድም። ተማሪዋ የምትለውጠው ከግንዱ ውስጥ ያላየችው ቃል ስታገኝ ወይም ስሌቷን ወደ ኋላ መልሳ ስትፈትን ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ የምትለውጥበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለች ግን ያጠቆረችውን ትተወው።

በፈተናው ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰዓት ሲበቃ ነው። ለሁለት ምርጫ ሁለት ጥያቄ መሥራት ልምምድ ላላት ተማሪ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፣ ነገር ግን በየጥያቄው ቢደረግ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳይነኩ ያስቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ሁለት የቀሩበትን ጥያቄ ወደምታዘነብልበት አጥቁራ፣ በጥያቄው ወረቀት ላይ ሁለቱን ፊደላት ጽፋ ታልፋለች፤ ሌሎቹን ስትጨርስ ወደ እነዚህ ብቻ ትመለሳለች። ለስሕተት ነጥብ በማይቀነስበት ፈተና ባዶ መተው ጥቅም የለውምና፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ጥያቄ ልትሠራላቸው ያልቻለቻቸውን ባጠቆረችበት ትታቸው ትወጣለች።

መዝገቡ ከወር በኋላ ዳግመኛ ሲታይ አስጠኚው አስቀድመው የሚያነቡት ሦስተኛውን ዓምድ ነው። በዚያ ውስጥ የተከማቸው ጥያቄ ከበዛ ተማሪዋ «ሁለት ይቀሩኛል» ስትል የነበረው ሁለት አዘናጊዎች ነበሩ ማለት ነው፣ ለእነዚህም በመጨረሻው ምርጫ ላይ የሚሰጥ ምክር አይረዳትም፤ ትክክለኛውን መልስ በምን ምክንያት እንደሰረዘችው ከየጥያቄው ጎን አንድ በአንድ እንድትጽፍ ይደረጋል፣ የቀጣዩ ሳምንት ጥናትም ከዚያ ዝርዝር ይጀምራል።